ባንዲራው ሲነሣ፦ የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ የአሽከርካሪ ግዴታ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው የመንገድ ደኅንነት ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ወደ ካዛንቺስ እንሄዳለን። የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለተኛው ዙር ከካዛንቺስ በእስጢፋኖስ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ሲዘልቅ፣ የአካባቢው አሽከርካሪ ትናንት የሄደበትን መንገድ ዛሬ ተቆፍሮ ማግኘት ለምዶ ነበር። የእግረኛ መንገድ ተነሥቶ እንደገና ተሠራ፤ የፍሳሽና የውኃ መስመር ተቀበረ፤ ገመዶች ከመሬት በታች ገቡ። ሥራው ቀንም ሌሊትም ነበር። ዛሬም ቢሆን ውኃ፣ መብራት ወይም ስልክ ለመጠገን አስፋልት በተቆረጠ ቁጥር ያው ሁኔታ በትንሹ ይደገማል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ የአሽከርካሪው ግዴታ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ነው፤ በዝግጅታችን ሁሉ እንመላለስበታለን። አንደኛ፣ ጊዜያዊ ምልክቱ ከታየ ጀምሮ ፍጥነት መቀነስ። ሁለተኛ፣ የማብቂያው ምልክት እስኪታይ በቀነሱት ፍጥነት መቆየት። ሦስተኛ፣ ባንዲራ የያዘውን ሠራተኛ መታዘዝ። መቀነስ፣ መቆየት፣ መታዘዝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመጀመሪያው እንነሣ። ጊዜያዊ ምልክት የምንለው የቱ ነው?

ቀይ ጠርዝ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ አካፋ ይዞ የሚቆፍር ሰው የተሣለበትን ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእሱ ቀጥሎ መንገዱ እንደሚጠብ የሚያሳይ ምልክት ሊኖር ይችላል። ከዚያ በቀይ ክብ ውስጥ 30 ወይም 20 የሚል ቁጥር ይመጣል። ከዚያ ብርቱካናማ ኮኖች በሰያፍ ተሰልፈው መኪናችሁን ወደ አንድ ወገን ይመራሉ።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ምልክት የሚነግራችሁ “ወደፊት ሥራ አለ” ብሎ ነው። የሚቆመውም ሥራው ካለበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው፤ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ለማንሣት፣ በስፖኪዮ ከኋላ ማን እንዳለ ለማየትና ረድፋችሁን ለመያዝ ጊዜ እንዲሰጣችሁ። ምልክቱን አልፎ ኮኑ ላይ ሲደርስ ብቻ ፍሬን የሚይዝ ሰው የተሰጠውን ጊዜ በሙሉ ጥሎታል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኮኖቹን አልፋችሁ ስታዩ ሠራተኛም ማሽንም የሌለበት ባዶ አስፋልት አለ። ሰዎቹ የሚሠሩት ትንሽ ራቅ ብለው ነው። ያን ባዶ ቦታ ለምን አልጠቀምበትም የሚል አሽከርካሪ አልገጠማችሁም? በኮኖቹ መካከል ሾልኮ፣ ሰልፉን ቀድሞ፣ ፊት ላይ ለመግባት የሚሞክር?

ያ ቦታ ባዶ የተተወው ሆን ተብሎ ነው። ፍሬን የከዳው ወይም የተዘናጋ አሽከርካሪ ኮኑን ጥሶ ቢገባ፣ ሰው ሳይነካ የሚቆምበት ቦታ ነው። ሠራተኛው ጀርባውን ለትራፊኩ ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ያ ባዶ ቦታ ከኋላው እንዳለ ተማምኖ ነው። ስለዚህ በኮን የታጠረ ባዶ ቦታ የማንም መኪና መንገድ አይደለም፤ ማቆሚያም አይደለም፤ ለታክሲም ተሳፋሪ መጫኛ አይደለም።

ሁለት ረድፍ ወደ አንድ ሲጠብ እንዴት እንግባ? ተራ በተራ፤ አንድ ከዚህኛው ረድፍ፣ አንድ ከዚያኛው። ፍሬቻ አሳይቶ የሚጠብቅን ሰው አንድ ጊዜ ማስገባት የሚወስደው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሲገፋፋ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ ኮኑ ይሆናል፤ ኮኑ ከወደቀ ደግሞ ለሚቀጥለው አሽከርካሪ መንገዱን የሚያሳየው የለም።

(አጭር ፋታ)

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ጊዜያዊ ምልክትና ቋሚ ምልክት ሲጋጩስ የትኛውን እንከተል? መንገዱ ላይ ከዓመታት በፊት የተተከለው ሰሌዳ 50 ይላል እንበል፤ ለሥራው የተተከለው 30 ይላል። የምንከተለው 30ውን ነው። የድሮው ነጭ ቀለም ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ቢልና ኮኖቹ ወደ ግራ ቢመሯችሁ፣ የምንከተለው ኮኖቹን ነው። ጊዜያዊው ምልክት የተተከለው የዛሬውን መንገድ አይቶ ነው፤ ቋሚው የሚያውቀው ከመቆፈሩ በፊት የነበረውን መንገድ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

እሺ፣ ወደ ፍጥነት እንምጣ። ለምን 30? ለምን 20? “ከ50 ወደ 30 ብወርድ ምን ለውጥ ያመጣል?” የሚል አድማጭ ካለ፣ እስቲ አብረን እናስብ።

ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ እየነዳችሁ ነው እንበል። በስተቀኝ ገልባጭ መኪና ቆሟል፤ የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሯል። እግረኛው መሄጃ ስላጣ በመኪና መንገዱ ዳር ይሄዳል። በድንገት አንዲት ሴት ከገልባጩ ፊት ብቅ አለች። በእናንተና በእሷ መካከል 15 ሜትር ያህል አለ። ይህ የሦስት መኪና ርዝመት ገደማ ነው።

ሰው አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዞር ንቁ ቢሆን እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ፣ በዚያ ሰከንድ መኪናችሁ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ ፍሬኑ ይይዛል፤ በደረቅ አስፋልት ከ5 እስከ 6 ሜትር ውስጥ ትቆማላችሁ። ሴትዮዋ ጋ ሳትደርሱ ቆማችኋል። ጥቂት ነው የቀራችሁ፤ ግን ቆማችኋል።

አሁን ያንኑ ቦታ በ50 አስቡት። በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ መኪናችሁ 14 ሜትር ሄዷል። እግራችሁ ፍሬኑን ሲነካ የቀረው አንድ ሜትር ነው። ሴትዮዋን የምትመቷት በ50 ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። ጥሩ ፍሬን፣ ጥሩ ጎማ፣ የብዙ ዓመት ልምድ፣ ሁሉም ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ቦታው አልቋል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። በ30 ትቆማላችሁ፤ በ50 ሳትቆሙ ትደርሳላችሁ።

ይህ ደግሞ በደረቅ አስፋልት ነው። የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ አስፋልቱ ላይ አሸዋና ጠጠር ይፈሳል፤ በክረምት ጭቃ ይሆናል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጎማው ይንሸራተታል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። አንዳንድ ቦታ 30 ሳይሆን 20 የሚል ምልክት የሚተከለውም ለዚህ ነው። ምልክቱ 30 ቢልም ዝናብ ከጣለ፣ አቧራው ዓይን ከጋረደ ወይም እግረኛው አስፋልት ላይ ከወጣ፣ ከ30 በታች መውረድ የአሽከርካሪው ግዴታ ነው። ቁጥሩ ጣሪያው ነው፤ እዚያ ድረስ ንዱ የሚል ትእዛዝ አይደለም።

“ጊዜ የለኝም፣ እቸኩላለሁ” የሚልም አለ። እስቲ የሚጠፋውን ጊዜ እንቁጠረው። የሥራው ቦታ 400 ሜትር ይረዝማል እንበል። በ50 ብታልፉት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ30 ስታልፉት 48 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 20 ሰከንድ አይሞላም። ባምቢስ ጋ አንድ መብራት ቢይዛችሁ ከዚያ በላይ ትቆማላችሁ።

(አጭር ፋታ)

ሁለተኛው ግዴታችን መቆየት ነው ብለናል። እስከ መቼ? የማብቂያው ምልክት እስኪታይ። ሠራተኛው ከዓይን ስለጠፋ ሥራው አላለቀም። ማታ ወይም እሑድ ማሽኑ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ ማንሆሉ ከአስፋልቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል፤ የተቆረጠው አስፋልት ጠርዝ ጎማ ሊበሳ ይችላል። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ በውኃ ሞልቶ ደልዳላ መንገድ ይመስላል። የፍጥነት ወሰኑ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ከዚያ ጉድጓድ ለመጠበቅ ነው።

ማታ ላይ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ችግር ይመጣል። ለሥራው የተተከለው ትልቅ መብራት ፊት ለፊት ሲያበራባችሁ፣ ከመብራቱ ወዲህ በጨለማ የቆመውን ሰው አታዩትም። በዚህ ጊዜ ረዥሙን የመኪና መብራት ማብራት አይረዳም፤ የሠራተኛውን ዓይን ይጋርዳል። አጭሩን መብራት ይዞ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ የአንጸባራቂ ሰደርያውን ብልጭታ መፈለግ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ሥራው አልቆ ሳምንታት ካለፈ በኋላ ሳይነሣ የሚቀር ምልክት አለ። አሽከርካሪው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ቀንሶ ሲያልፍ፣ በሦስተኛው ምልክቱን ማመን ያቆማል። ይህ ጥፋት የአሽከርካሪው አይደለም፤ ሥራ ተቋራጩ ሥራው ሲያልቅ ምልክቱን ማንሣት አለበት። ይሁንና መሪ ላይ ያለ ሰው የትኛው ምልክት የተረሳ፣ የትኛው የሚሠራ እንደሆነ ከሩቅ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ የተረሳ የሚመስለውንም ቀንሰን እናልፋለን፤ ካለፍን በኋላ በቅርብ ላለ ትራፊክ ፖሊስ ወይም ለመንገዶች ባለሥልጣን እናሳውቃለን።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን ምን አልን? ምልክቱ ከታየ ጀምሮ እንቀንሳለን። ማብቂያው እስኪታይ በቀነስነው ፍጥነት እንቆያለን። አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ፤ ባንዲራ የያዘውን ሠራተኛ መታዘዝ።

አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ባንዲራ ይዛ፣ ፀሐይና አቧራ ላይ የቆመች ወጣት በዓይነ ኅሊናችሁ አስቡ። ቀዩን ከፍ አደረገች። አንዳንዱ አሽከርካሪ ጡሩምባ ይነፋል። አንዳንዱ በመስኮት “ትራፊክ ፖሊስ ነሽ እንዴ?” ይላታል። አንዳንዱ እየተጎተተ ወደ እሷ ይጠጋል፤ ዞር እንድትል።

ፖሊስ አይደለችም፤ እውነት ነው። ልትቀጣችሁ አትችልም። ግን እናንተ የማታዩትን ታያለች። ምን እንደምታይ አንድ ምሳሌ ወስደን ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

መንገዱ በግማሽ ተቆፍሮ ለመኪና የቀረው አንድ ረድፍ ብቻ ነው እንበል። ርዝመቱ 150 ሜትር ነው። በአንድ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላ በኩል ኤክስካቫተር አለ። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣው መኪና በዚያችው ረድፍ በየተራ ያልፋል። በዚህኛው ጫፍ ባንዲራ ያዧ ቆማለች፤ በዚያኛው ጫፍ የሥራ ባልደረባዋ ቆሟል። መሐል ላይ ማሽኑ ስላለ ከዚያ ወዲያ ያለውን መኪና እናንተ አታዩትም። እነሱ ግን በሬዲዮ ወይም በእጅ ምልክት ይገናኛሉ።

አሁን ተራው የእናንተ አቅጣጫ ነው። አረንጓዴው ተነሥቷል፤ መኪናው ያልፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀዩን ታነሣለች፤ ለባልደረባዋም “የመጨረሻው ነጭ ሚኒባስ ነው” ትለዋለች። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው። ነጩ ሚኒባስ በፊቱ ሲወጣ ረድፉ ባዶ ነው ብሎ ለሌላው ወገን አረንጓዴ ያነሣል።

ከነጩ ሚኒባስ ኋላ የነበረው አሽከርካሪ ግን “እኔም ከእሱ ጋር ልለፍ” ብሎ፣ ቀዩን ጥሶ፣ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ገባ። ምን ይሆናል? በ20 ፍጥነት 150 ሜትር ለማለፍ 27 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ነጩ ሚኒባስ ወጥቶ በወዲያኛው ጫፍ አረንጓዴው ሲነሣ፣ ጥሶ የገባው መኪና ገና ከ50 ሜትር በላይ ይቀረዋል። ከፊቱ ደግሞ ተፈቅዶላቸው የተንቀሳቀሱ መኪኖች ይመጣሉ።

በመሐል ይገናኛሉ። በቀኝ ጉድጓድ፣ በግራ ማሽን። ማን ወደ ኋላ ይመለስ? ከሁለቱም ኋላ መኪና ተሰልፏል። አንዱ ትዕግሥት አጥቶ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ በቅርብ የተቆፈረው አፈር ይናዳል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም አቅጣጫ ተዘጋ። አሥር ሰከንድ ለማትረፍ የተደረገው ነገር የሁሉንም ሰው ሰዓት በላ። ይህም ሰው ካልተጎዳ ነው።

አያችሁ? ባንዲራ ያዧ የምታስቆማችሁ ፊታችሁ ያለው መንገድ ባዶ ስላልሆነ ነው፤ ወይም ከደቂቃ በኋላ ባዶ ስለማይሆን። አንዳንዴ ደግሞ ከፊት መኪና ሳይኖር ታስቆማለች። ለምን? ኤክስካቫተሩ ሊዞር ነው። የኤክስካቫተሩ ባልዲ ወደ ጉድጓዱ ሲዞር የኋላው ከባድ አካል ወደ መኪና መንገዱ ይወጣል። ኦፕሬተሩ የሚያየው ባልዲውን ነው፤ ከጀርባው ያለውን መኪና ላያይ ይችላል። ወይም ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነው። የሾፌሩ ዓይን ባንዲራ ያዧ ናት።

(አጭር ፋታ)

ታዲያ ቀይ ባንዲራ ስናይ በተግባር ምን እናድርግ?

ቀስ ብለን እንቆማለን፤ ከእሷ ጥቂት ሜትር ራቅ ብለን። ራቅ የምንለው ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገፋን እሷ ላይ እንዳንወድቅ ነው። ሰልፍ ካለ ከሰልፉ ኋላ እንቆማለን፤ በባዶው አቅጣጫ ወጥተን ወደ ፊት አንሄድም፤ ያ አቅጣጫ አሁን ለሚመጡት ነው። ጡሩምባ አንነፋም፤ ሠራተኞቹ የማሽኑን የማስጠንቀቂያ ድምፅና የባልደረባቸውን ጥሪ መስማት አለባቸው። አረንጓዴው ሲነሣም ነዳጅ አንረግጥም፤ ረድፋችንን ይዘን በተፈቀደው ፍጥነት እናልፋለን።

ሞተር ብስክሌት የምትነዱ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ሞተሩ በጠባብ ቦታ ያልፋል፤ ግን ያ ጠባብ ቦታ ኤክስካቫተሩ የሚዞርበት ሊሆን ይችላል። የታክሲ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ተሳፋሪ የምታወርዱት የሥራው ቦታ ካበቃ በኋላ ነው። ኮኖች መሐል የቆመች ታክሲ ሙሉውን ረድፍ ትዘጋለች፤ ተሳፋሪውም የሚረግጠው የእግረኛ መንገድ አያገኝም። ተሳፋሪ የሆናችሁ ደግሞ “እዚሁ ጋ ወራጅ” ከማለታችሁ በፊት መውረጃው አስፋልት ላይ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አለመሆኑን ተመልከቱ።

ትእዛዝ ሲጋጭስ? መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ባንዲራ ያዧ ቀይ ብታነሣ እንቆማለን፤ መብራቱ ጉድጓዱን አያውቅም። ትራፊክ ፖሊስ በቦታው ካለ ደግሞ የእሱ ትእዛዝ ከመብራትም፣ ከምልክትም፣ ከባንዲራም ይቀድማል። እሱ እለፉ ካለና ባንዲራው ቀይ ከሆነ፣ በዝግታ፣ ሠራተኛዋ እንዳየችን አረጋግጠን እናልፋለን።

ባንዲራ ያዥ የሌለበት ጠባብ ቦታ ቢገጥመንስ? ሌላኛው ጫፍ ከታየን፣ ቀድሞ የገባውን እናሳልፋለን። ካልታየን ቆመን፣ አይተን፣ ረድፉ ባዶ መሆኑን ሳናረጋግጥ አንገባም።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

አድማጮቻችን፣ ከመለያየታችን በፊት አብረን እንድገመው። ምልክቱ ከታየ ጀምሮ ምን እናደርጋለን? እንቀንሳለን። እስከ መቼ? ማብቂያው እስኪታይ። ቀይ ባንዲራ ሲነሣስ? ራቅ ብለን እንቆማለን፤ አረንጓዴው እስኪነሣ እንጠብቃለን። መቀነስ፣ መቆየት፣ መታዘዝ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በሥራ ቦታ ስታልፉ የመጀመሪያውን ምልክት የት እንዳያችሁትና የማብቂያውን የት እንዳገኛችሁት ልብ በሉ። የማብቂያውን ካላያችሁት ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ጨምራችሁ ነበር ማለት ነው፤ ወይም አልተተከለም። የትኛው እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ንገሩን። የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩበት፤ ያልተተከለ ከሆነ ለሚመለከተው አካል ለማድረስ ይረዳናል።

እስከዚያው በደኅና ግቡ፤ በደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)